አንድ ርዕስ ለሦስት ዓይነት ፈላጊ አይበቃም

ጥያቄ፦ አዳማ ውስጥ የውሃ ሮቶና ፓምፕ መሸጫ አለን። ድረ ገጻችን ላይ «የውሃ ሮቶ ዋጋ፣ ዓይነት፣ አጠቃቀምና መሸጫ በኢትዮጵያ | ሙሉ መረጃ» የሚል ገጽ አለ። በ3 ወር ውስጥ ጎግል ላይ 4,200 ጊዜ ታይቶ የተከፈተው 31 ጊዜ ብቻ ነው። በብዛት የታየው «ሮቶ እንዴት ይታጠባል» 1,900፣ «ለቤተሰብ ስንት ሊትር ሮቶ ይበቃል» 1,100፣ «የቱ ሮቶ ይሻላል» 700፣ «1000 ሊትር ሮቶ ዋጋ አዳማ» 160 ጊዜ ነው። አይቶ የደወለ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ርዕሱን ምን ብንለው ይሻላል?

ምላሽ፦

ርዕሱን ብቻ ብትቀይሩት ብዙ ለውጥ አታዩም። ገጹን ለአራት መክፈል ያስፈልጋችኋል፤ ምክንያቱም እናንተው በጻፋችሁት ዝርዝር ውስጥ አለ።

«ሮቶ እንዴት ይታጠባል» ብሎ የጻፈው ሰው ሮቶ አለው። ክዳኑን ከፍቶ ከሥር የተኛውን ደለል አይቶ ነው ስልኩን ያወጣው። ከውጤቶቹ መካከል «የውሃ ሮቶ ዋጋ፣ ዓይነት…» የሚለውን ሲያይ የሚሸጥለት ሰው እንጂ የሚያስረዳው እንዳላገኘ ይገባዋል፤ አልፎ ይሄዳል። «1000 ሊትር ሮቶ ዋጋ አዳማ» ብሎ የጻፈው ደግሞ መጠኑንም ከተማውንም ወስኗል፤ የቀረው ገንዘቡና ስልክ ቁጥሩ ነው። እሱም «ሙሉ መረጃ» የሚለውን ሲያይ ረጅም ጽሑፍ ሊያነብ እንደሆነ ጠርጥሮ ይተወዋል። አሁን ያለው ርዕስ አራቱንም ስለሚጠራ ከአራቱ አንዱም «የኔ ነው» አይለውም። 4,200 ጊዜ ታይቶ 31 መከፈት ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም።

የፍለጋ ዓላማን በዓይነት መክፈል የተለመደው የኮምፒውተር ሳይንስ ተመራማሪው አንድሬ ብሮደር በ2002 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ ነው። እሱ ያስቀመጣቸው ሦስት ነበሩ፤ መረጃ መፈለግ፣ አንድን ነገር ማከናወን፣ እና የሚያውቁትን ድረ ገጽ ስም ጽፎ መድረስ። በፍለጋ ሥራ ላይ ያሉ ሰዎች በኋላ ከመረጃውና ከግዢው መሀል ሌላ አስገቡበት፤ ሊገዛ አስቦ ገና አማራጭ የሚያወዳድረውን ሰው። ዛሬ መረጃ ፈላጊው ኢንፎርሜሽናል፣ አወዳዳሪው ኮሜርሻል፣ ገዢው ትራንዛክሽናል ይባላል፤ ለእናንተ የሚጠቅሙት እነዚህ ሦስቱ ናቸው። የሱቃችሁን ስም ጽፎ የሚመጣው ሰው ርዕሱ ምንም ቢሆን ያገኛችኋል፤ በእሱ ላይ ጊዜ አታጥፉ።

ርዕስ ከመንካታችሁ በፊት ግን አንድ ነገር አረጋግጡ። ጎግል ለድረ ገጽ ባለቤቶች በሚሰጠው ሰርች ኮንሶል ውስጥ `Performance` ከፍታችሁ ይህን ገጽ ምረጡ፤ ከዚያ በ`Queries` ሥር ለእያንዳንዱ ፍለጋ `Average position` የሚለውን ቁጥር እዩ። ቁጥሩ ከ10 በታች ከሆነ ገጻችሁ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያው ገጽ ላይ እየታየ ያልተከፈተ ነው፤ ጥፋቱ የርዕሱ ሊሆን ይችላል። ቁጥሩ 18 ወይም 25 ከሆነ ግን ሰው እዚያ ድረስ ወርዶ ርዕሳችሁን አላነበበውም፤ ያኔ የጎደለው የገጹ ይዘት ነው፣ ርዕስ ብታሳምሩም የሚከፍተው አይጨምርም። የገጹን ጠቅላላ አማካይ አትመኑ። በአንዱ ፍለጋ 4ኛ፣ በሌላው 30ኛ ሆኖ በአማካይ «17» ሊልላችሁ ይችላል፣ እሱም ስለ አንዱም አይናገርም። የአራቱ ፍለጋዎች ድምር 3,860 ሆኖ ከ4,200 መጉደሉ ደግሞ አያስጨንቃችሁ። ቀሪው በትንንሽ ፍለጋዎች የተበተነ ነው፤ ከዚያም በላይ በጣም ጥቂት ሰው የጻፋቸውን ፍለጋዎች ጎግል ለግላዊነት ሲል ከዝርዝሩ ይደብቃቸዋል።

ዓላማውን ለመለየት የተለመደው ዘዴ ፍለጋውን በራስ ስልክ ላይ ጽፎ ምን እንደሚመጣ ማየት ነው። ቪዲዮና «እንዴት» የሚሉ ጽሑፎች ከመጡ መረጃ ፈላጊ ነው፤ የንጽጽር ጽሑፎች ከመጡ አወዳዳሪ ነው፤ ካርታ ከሱቆች ጋር ወይም የዕቃ ገጾች ከመጡ ገዢ ነው። በአማርኛ ግን ይህ ዘዴ ብቻውን አያስተማምንም። ብዙ ርዕሰ ጉዳዮች ላይ በአማርኛ የተጻፈው ጥቂት ስለሆነ ጎግል ያገኘውን ሁሉ ይደረድራል፤ የፌስቡክ ልጥፍ፣ የቴሌግራም ቻናልና የዜና ገጽ ተቀላቅለው ይመጣሉ። ስለዚህ ውጤቱ ሲደባለቅባችሁ ወደ ፍለጋው ቃል ተመለሱ። አማርኛ በዚህ ይረዳል፤ ዓላማው ብዙውን ጊዜ መጠይቁ ወይም ግሱ ላይ ይቀመጣል። «እንዴት»፣ «ለምን»፣ «ምንድን ነው»፣ «ስንት … ይበቃል» መረጃ ናቸው። «ይሻላል»፣ «ወይስ»፣ «ልዩነት» ማወዳደር ናቸው። «መሸጫ»፣ «የት ይገኛል»፣ «ስልክ ቁጥር»፣ ከከተማ ስም ጋር የመጣ «ዋጋ» ግዢ ናቸው። ብቻውን የመጣ «ሮቶ ዋጋ» ግን ሁለት ልብ ነው፤ ሊገዛ የተነሣም፣ ገና በጀት የሚይዝም ይጽፈዋል። መጠንና ከተማ ሲጨመርበት ወደ ግዢው ያጋድላል።

አሁን ወደ አራቱ ገጾች። ያለውን ገጽ አድራሻውን ሳትቀይሩ የማጠቢያ ገጽ አድርጉት። ከሁሉ በላይ የታየው ለዚያ ፍለጋ ነው፣ ጎግልም የሚያውቀው በዚያ አድራሻ ነው። ስለ ዋጋና ስለ ዓይነት የጻፋችሁትን አውጥታችሁ ወደ አዲሶቹ ገጾች ውሰዱ፣ በቦታው አንዳንድ ዓረፍተ ነገርና ማገናኛ ይበቃል። ርዕሱ እንዲህ ቢሆን፦

«ሮቶ እንዴት ይታጠባል? ውሃውን ከማውጣት እስከ መሙላት በ7 እርምጃ»

የመረጃ ፈላጊ ርዕስ ጥያቄውን ሰውየው እንደጻፈው አድርጎ ይጀምራል። «የውሃ ማጠራቀሚያ ታንከር ንጽህና አጠባበቅ» ብትሉ ትርጉሙ ያው ነው፣ ሰው ግን ሮቶ ነው የሚለው። ከጥያቄው ቀጥሎ መልሱ ምን ቅርጽ እንዳለው ይነገራል፤ እዚህ ላይ 7 እርምጃ ነው። 7 ካላችሁ ገጹ ውስጥ በቁጥር የተቀመጡ 7 እርምጃዎች ይኑሩ። የሱቃችሁን ስም፣ አዳማን፣ ዋጋን በዚህ ርዕስ አታስገቡ፤ ሮቶ የሚታጠበው አዳማም ሆነ ደሴ አንድ ዓይነት ነው። ይህ ገጽ ሮቶ አይሸጥላችሁም፣ ያንንም አትጠብቁበት። ሊሸጥ የሚችለው ሲታጠብ ተበላሽቶ የሚገኘውን ነው፤ ውሃው ሲሞላ የሚዘጋውን ቫልቭ፣ የክዳን ማሰሪያ፣ የማፍሰሻ ቧንቧ። የእነዚህን ማገናኛ የሚመለከተው እርምጃ ሥር አስቀምጡ እንጂ ከላይ አትለጥፉት።

ሁለተኛው ገጽ ከአራቱ የበለጠ ጥቅም ያለው ይመስለኛል።

«ለ5 ሰው ቤተሰብ ስንት ሊትር ሮቶ ይበቃል? በሰውና በቀን ስሌት»

ጥያቄው የመረጃ ነው፣ ርዕሱም በጥያቄ መልክ ይመጣል። ነገር ግን ስንት ሊትር እንደሚበቃው የሚጠይቅ ሰው ሮቶ የለውም ወይም ያለው አንሶታል፤ ከግዢ የሚለየው አንድ ውሳኔ ብቻ ነው። ስለዚህ መልሱ ከርዕሱ ሥር በመጀመሪያው አንቀጽ ላይ ይቀመጥ፦ ለአንድ ሰው በቀን 40 ሊትር ብትይዙና ውሃ በ4 ቀን አንዴ የሚመጣ ቢሆን፣ 5 ሰው በ40 ሊትር በ4 ቀን 800 ሊትር ይሆናል፤ ስለዚህ 1000 ሊትሩ ይበቃል። ቀጥሎ ሰፈራቸው ውሃ የሚያገኘው በሳምንት አንዴ ለሆነ ሰዎች ስሌቱን ድገሙት፤ 1,400 ሊትር ይወጣል፣ ያኔ 1500 ወይም 2000 ሊትር ነው የሚታየው። 1000 ሊትር ውሃ 1 ቶን እንደሚመዝንም ንገሩት፤ ጣሪያ ላይ ወይም ብረት መቆሚያ ላይ ሊሰቅል ያሰበ ሰው ይህን ሳያውቅ መጠን መምረጥ የለበትም። ከስሌቱ በኋላ ነው ወደ 1000 ሊትሩ የዋጋ ገጽ የሚወስደው ማገናኛ የሚመጣው፤ ያን ጊዜ ሰውየው መጠኑን ስለወሰነ ይጫነዋል።

በርዕሱ ላይ «5 ሰው» የሚል ቁጥር ማስገባት ሌላውን የሚያስቀር ሊመስላችሁ ይችላል። አያስቀርም፤ 7 ሰው ያለውም ስሌት እንደሚያገኝ ይገባዋል። «ለቤተሰብ ተስማሚ የሮቶ መጠን አመራረጥ» የሚለው ግን መልሱ በቁጥር ይሁን በምክር አያሳውቅም።

ሦስተኛው አወዳዳሪው ነው።

«ባለ 1 ንብርብር ወይስ ባለ 3 ንብርብር ሮቶ? ፀሐይ ላይ ለሚቀመጥ የቱ ይሻላል»

የአወዳዳሪ ርዕስ ሁለት ነገር ይይዛል፤ የሚነጻጸሩትን በስማቸው፣ ከዚያም የሚመዘኑበትን ነጥብ። «ምርጥ የውሃ ሮቶ» የሚለውን ተዉት። ሻጭ የራሱን ዕቃ ምርጥ ሲል ማንም አይደነቅም፣ ፍለጋው ላይም ስለ ምን እንደሚያወዳድር አይናገርም። «ፀሐይ ላይ» የሚለው ግን አዳማ ላይ ጣሪያው ላይ ሊያስቀምጥ ላሰበ ሰው የራሱ ጥያቄ ነው። ገጹ ውስጥ ልዩነቱን በምክንያት አስረዱ፦ ብርሃን ወደ ውስጥ የሚያሳልፍ ግድግዳ ውሃው ላይ አረንጓዴ አልጌ እንዲበቅል ያደርጋል፣ ብርሃን የሚከለክል ንብርብር ያለው ይህን ይቀንሳል፤ ፀሐይ ደግሞ ፕላስቲክን በጊዜ ብዛት ታደርቀዋለች። ርካሹ መቼ እንደሚበቃም ጻፉ፤ ጥላ ያለው ቦታ ወይም ክፍል ውስጥ የሚቀመጥ ከሆነ ለተጨማሪው ንብርብር መክፈል ላያስፈልግ ይችላል። ይህን ያልጻፈ የንጽጽር ገጽ ማስታወቂያ ነው፣ አንባቢውም በሁለተኛው አንቀጽ ላይ ይነቃበታል።

እዚህ ላይ ስለ «ሮቶ» ቃሉ አንድ ማሳሰቢያ። ቃሉ የአንድ አምራች ስም ሆኖ የዕቃው መጠሪያ እስከ መሆን ደርሷል። ሰው የሚጽፈው እሱን ስለሆነ ርዕስ ላይ መጠቀማችሁ ያስፈልጋል፤ የምትሸጡት የሌላ አምራች ከሆነ ግን የማን እንደሆነ ገጹ መጀመሪያ ላይ በግልጽ ይጻፍ። አለዚያ ሱቅ መጥቶ ሌላ ስም ያየ ደንበኛ እንደተታለለ ይቆጥረዋል።

አራተኛው የገዢው ገጽ ነው። በ3 ወር 160 ጊዜ ብቻ መታየቱ አያሳንሰው፤ ለእናንተ የሚደውሉት ከዚህ ነው።

```html
<title>1000 ሊትር ሮቶ ዋጋ አዳማ፣ ከነማድረሻው | የሱቁ ስም</title>
<h1>የ1000 ሊትር ሮቶ ዋጋ በአዳማ</h1>
```

መጠን፣ ዕቃ፣ ዋጋ፣ ከተማ፣ ከዚያ አንድ ተጨማሪ ጥቅም፣ መጨረሻ ላይ ስም። ጥያቄ የለበትም፣ «ሙሉ መረጃ» የለበትም። 2000 ሊትሩ የራሱ ገጽ ይኑረው፤ ሁሉንም መጠን አንድ ርዕስ ላይ መደርደር ወደ መጀመሪያው ችግር ይመልሳችኋል።

ከዚህ ገጽ ላይ ብዙ ሱቆች የሚሰናከሉበት ዋጋው ራሱ ነው። ርዕሱ «ዋጋ» ይላል፣ ገጹ «ለዋጋ ይደውሉ» ይላል። የገባው ሰው ቁጥር ፈልጎ ስለገባ ወዲያው ተመልሶ ቀጣዩን ይከፍታል። ዋጋችሁን ተወዳዳሪ እንዳያየው መደበቅ ከፈለጋችሁ መብታችሁ ነው፤ ያኔ ግን ርዕሱን «1000 ሊትር ሮቶ መሸጫ አዳማ» በሉት፣ ዋጋ የሚለውን ቃል አውጡ። የምትጽፉት ከሆነ ቁጥሩ ገጹ ላይ ከቀኑ ጋር ይሁን፤ «የዛሬ ዋጋ» ከማለት ዋጋው የታደሰበትን ቀን ጻፉ። ርዕሱ ውስጥ ብሩን አታስገቡ። ዋጋ ስትቀይሩ ጎግል ገጹን ተመልሶ እስኪያነበው ድረስ አሮጌው ቁጥር ውጤቱ ላይ ይቆያል፤ በአሮጌው ዋጋ ተከራክሮ የሚደውል ሰው ይበዛባችኋል።

«ሮቶ መሸጫ አዳማ» ዓይነት ፍለጋ ላይ ደግሞ ካርታ ከላይ ሊመጣ ይችላል። ያን ቦታ በዋናነት የሚወስነው የገጽ ርዕስ ሳይሆን ጎግል ላይ ያለው የንግድ መገለጫችሁ ነው። ስሙ ሰሌዳችሁ ላይ ያለው ይሁን፤ «ሮቶ ፓምፕ ርካሽ አዳማ» እያላችሁ ስም ላይ አትቀጥሉ፣ ደንቡ ይከለክላል፣ መገለጫውንም ሊያሳግድባችሁ ይችላል። ሰዓቱ፣ ስልኩና የካርታው ነጥብ ትክክል ይሁን፤ አድራሻው ላይ ሰው የሚያውቀውን ምልክት ጨምሩ።

አዳማን ናዝሬት ብሎ የሚጽፍ ሰው አሁንም አለ። ርዕሱ ላይ አዳማን ተዉት፣ ናዝሬትን በጽሑፉ ውስጥ አንድ ጊዜ አንሡት። ሁለቱንም ርዕስ ላይ መጫን ቦታ ይበላል። በአፋን ኦሮሞ ለሚፈልገው ደንበኛ በቋንቋው የተጻፈ የራሱ ገጽ ያስፈልገዋል፤ ሁለት ቋንቋ በአንድ ርዕስ መቀላቀል ለሁለቱም አይመችም። በላቲን ፊደል `roto price adama` ብለው የሚጽፉም ይኖራሉ፤ ምን ያህል እንደሆኑ ሰርች ኮንሶሉ ይነግራችኋል፣ ቁጥራቸው ካልበዛ አትንኩት።

ስለ ርዝመት፣ ጎግል የፊደል ብዛት ገደብ የለውም፤ ርዕሱ የስክሪኑን ስፋት ሲያልፍ ይቆርጠዋል። የእኛ ፊደላት ከላቲኑ ሰፋ ያለ ቦታ ስለሚይዙ በእንግሊዝኛ የሚነገረውን 60 ፊደል አትከተሉ። ዋናው ነገር በመጀመሪያዎቹ አምስት ወይም ስድስት ቃላት ይጠቃለል፣ የተቆረጠው ክፍል የሱቁ ስም ቢሆን ጉዳት የለውም። ከላይ በጻፍኩት ኮድ ርዕሱና የገጹ ውስጥ ትልቁ አርእስት ተቀራራቢ የሆኑትም በምክንያት ነው። ጎግል ከነሐሴ 2013 ዓ.ም ጀምሮ፣ ማለትም ከኦገስት 2021፣ የጻፋችሁት ርዕስ ገጹን አይገልጽም ብሎ ሲያስብ ከ`h1` ወይም ከሌላ የገጹ ክፍል ወስዶ የራሱን የሚያሳይበትን አሠራር አስፍቷል። ብዙም ሳይቆይ መስከረም 2014 ዓ.ም ላይ በሰጠው ማብራሪያ የባለቤቱን ርዕስ 87 ከመቶ ያህል ጊዜ እንደሚጠቀም ገልጿል። እንግዲህ ፍለጋውን ራሳችሁ ጽፋችሁ የታየው ርዕስ የእናንተው መሆኑን አረጋግጡ፤ ካልሆነ ብዙውን ጊዜ ሁለቱ አርእስቶች የተለያየ ነገር ስለሚናገሩ ነው።

ዓመተ ምሕረት ርዕስ ላይ ማስገባት የዋጋ ገጽ ላይ የተለመደ ነው፤ እኛ ጋ ግን ወጥመድ አለው። «ሮቶ ዋጋ 2018» ብትሉ ከአጠገቡ ጎግል በፈረንጅ አቆጣጠር ቀን ሊያሳይ ስለሚችል፣ ሰው ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ያረጀ ገጽ ሊመስለው ይችላል። የግድ ካስገባችሁ «2018 ዓ.ም» ብላችሁ ጻፉ፣ መስከረም ላይ መቀየሩንም አንድ ሰው ይያዘው።

ለውጡን ስታደርጉ ቀኑን መዝግቡ፣ በ`URL inspection` እያንዳንዱን አድራሻ አስገብታችሁ `Request indexing` ተጫኑ። ከዚያ ቢያንስ 28 ቀን ጠብቁ፤ ከዚያ በፊት ያለው ቁጥር በየቀኑ ስለሚወዛወዝ አያሳምንም። ስታወዳድሩ በገጽ ሳይሆን በፍለጋ አጣሩ፦ «ሮቶ እንዴት ይታጠባል» በፊት ስንት ከመቶ ተከፈተ፣ አሁን ስንት። ለማጠቢያው ገጽ መለኪያው መከፈቱ ነው፣ ደወል አትጠብቁበት። ለስሌቱና ለንጽጽሩ ገጽ መለኪያው ወደ ዋጋ ገጽ የሄደው ሰው ብዛት ነው። ለዋጋው ገጽ መለኪያው ደወል ነው፤ ስልክ የሚያነሣው ሰው «በምን አገኙን?» ብሎ ጠይቆ ደብተር ላይ ምልክት ቢያደርግ ለጊዜው ይበቃችኋል።

አንድ ፍለጋ ላይ ደረጃችሁ በየሳምንቱ ከፍ ዝቅ ካለ ያን ፍለጋ ተጭናችሁ `Pages` የሚለውን ክፈቱ። ሁለት ገጾቻችሁ እየተፈራረቁ ከታዩ እርስ በርስ እየተሻሙ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚሆነው ከማጠቢያው ገጽ ላይ የዋጋውን ጽሑፍ ሳታወጡ ስትቀሩ ነው፤ ተመልሳችሁ ከአሮጌው ገጽ «ዋጋ» የሚለውን ክፍል አጥፉ፣ ማገናኛውን ብቻ ተዉ።